ኤረር መልእክቱ ኩኪውን እንዴት ያስነብባል?

«የአንድ የዕቃ ማዘዣ ሳይት ዴቨሎፐር ነኝ። የተጠቃሚውን ኩኪ በ`AES-256-CBC` ኢንክሪፕት አድርገን ነው የምንልከው። የደህንነት ፈታሾች መጥተው "ፓዲንግ ኦራክል አለባችሁ፣ አደገኛ ነው" ብለው ጻፉብን። እኛ እኮ ማይኤስኪውኤል እንጂ ኦራክል አንጠቀምም! ቁልፉም ከሰርቨራችን ወጥቶ አያውቅም። ኩኪው ሲበላሽ አንዳንዴ `Padding is incorrect.` አንዳንዴ ደግሞ `Unknown user` ይላል፣ በቃ ይኸው ነው። ቁልፉ የሌለው ሰው በዚህ ብቻ ምን ሊያነብ ይችላል? መልእክቶቹን አንድ ዓይነት ባደርጋቸውስ አይበቃም?»

መጀመሪያ የኦራክልን ነገር እንጨርስ። ከዳታቤዙ ኩባንያ ጋር ምንም አያገናኘውም። እዚህ ጋ ኦራክል ማለት እንደ አዋቂ ቤት ነው። ሄደህ ትጠይቃለህ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይልሃል፣ እንዴት እንዳወቀ ግን አይነግርህም። የእናንተ ሰርቨር ሳያስበው አዋቂ ሆኗል። ሰው የፈለገውን ኩኪ ሠርቶ ይልክለታል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ቁልፉን አውጥቶ፣ ፈትቶ፣ «የዚህ መጨረሻው ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ብሎ ይመልስለታል። ጥቃቱ በሙሉ ያለው እዚህች መልስ ላይ ነው። ቁልፉ አልወጣም ያልከው እውነት ነው፤ አጥቂው ግን ቁልፉን አይፈልገውም፣ ቁልፉን ይዞ የሚሠራለት ሰርቨር አለው።

አሁን «መጨረሻው» ምንድን ነው? ኤኢኤስ በሲቢሲ ስልት ሲሠራ የሚቀበለው ልክ 16 ባይት የሆኑ ብሎኮችን ብቻ ነው። ጽሑፍህ ካነሰ ይሞላል፤ ፓዲንግ የሚባለው ይህ ማሟያ ነው። የሚሞላበት ደንብ ደግሞ ቀላል ነው፤ የጎደለው 6 ባይት ከሆነ ስድስት ጊዜ `06` ይጻፋል፣ 1 ከሆነ አንዴ `01`፣ ምንም ካልጎደለ ደግሞ አንድ ሙሉ ብሎክ አሥራ ስድስት ጊዜ `10` (በአሥራ ስድስት ቤት 16 ማለት ነው) ይጨመራል። ሰርቨሩ ሲፈታ የመጨረሻውን ባይት ያያል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ያን ያህል ባይት ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉም አንድ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ካልሆኑ `Padding is incorrect.` ብሎ ይጮሃል። በእናንተ ቤት የሚጮኸው ለተጠቃሚው ነው፤ ያ ነው ጉዱ።

በእጃችን ይዘን እንየው። ኩኪያችሁ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው እንበል፦

```
uid=1042;lang=am | ;role=user 06 06 06 06 06 06
```

የመጀመሪያው ብሎክ ልክ 16 ፊደል ነው። ሁለተኛው 10 ፊደልና ስድስት ማሟያ። ኢንክሪፕት ሲደረግ `IV`፣ `C1`፣ `C2` የሚባሉ ሦስት ቁራጮች ሆነው ይወጣሉ፤ ኩኪው እነሱ ተቀጣጥለው ነው። ሲቢሲ ሲፈታ የሚያደርገው ነገር ይህ ነው፦

```
I2 = D(key, C2)
P2 = I2 ^ C1
```

`C2` በቁልፉ ተፈትቶ አንድ መሀል ላይ ያለ ውጤት ይሰጣል፣ `I2` ብለነዋል። ይህ ገና ጽሑፉ አይደለም። ከፊቱ ካለው ብሎክ ከ`C1` ጋር ኤክስኦር ሲደረግ ነው ጽሑፉ የሚወጣው። ለ`C1` ደግሞ ከፊቱ የሚቆምለት `IV` ነው። ኤክስኦርን ታውቀዋለህ፤ አንድን ቁጥር ሁለቴ ብታደርግበት ራሱን በራሱ ያጠፋል። ይህን ያዝልኝ።

እንግዲህ ልብ በል። `I2`ን የሚወስኑት ቁልፉና `C2` ብቻ ናቸው። `C1`ን ማንም ቢነካካው `I2` ንቅንቅ አይልም። ነገር ግን `C1` በአጥቂው እጅ ነው፣ ኩኪው ላይ በግልጽ ተቀምጧል! የ`C1`ን የመጨረሻ ባይት ሲቀይር የጽሑፉን የመጨረሻ ባይት በዚያው ልክ ይቀይራል። ምን ወደ ምን እንደቀየረ አያይም፣ ግን ይቀይራል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ትክክለኛዋ ላይ ሲደርስ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።

በቁጥር እንሂድ። ኦሪጅናሉ የ`C1` የመጨረሻ ባይት `5A` ነው እንበል። አጥቂው የቀሩትን የ`C1` ባይቶች በዘፈቀደ ቀይሮ ከ`00` እስከ `FF` ያሉትን 256 ዋጋዎች በዚያ ቦታ እየተካ ይልካል። ሰርቨሩ `Padding is incorrect.`፣ `Padding is incorrect.`፣ `Padding is incorrect.` እያለ ይቆያል። `5D` ላይ ሲደርስ ድንገት `Unknown user` ይላል። ለምን? ፓዲንጉ ልክ ሆኗል፣ የመጀመሪያው ብሎክ ግን `C1` ስለተነካ ተበላሽቶ `uid` የሚል ነገር አልተገኘም። ለእናንተ ይህ ሌላ ኤረር ነው። ለእሱ «አዎ» ነው።

«አዎ» ማለት የተፈታው የመጨረሻ ባይት `01` ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ፦

```
I2[15] = 5D ^ 01 = 5C
P2[15] = 5C ^ 5A = 06
```

አለቀ። የመጨረሻውን ባይት አነበበ፤ `06` ነው፤ ስድስት ማሟያ እንዳለም በዚያው አወቀ። ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ወደ ቀጣዩ ባይት ሲሄድ ዒላማው `02 02` ነው። የመጨረሻውን ቦታ `5C ^ 02 = 5E` አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያ ባይት ሁልጊዜ `02` ሆኖ ይፈታል። ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን ከ`00` እስከ `FF` ይሞክራል። ኦሪጅናሉ `31` ከሆነ `35` ላይ ይገኝለታል፤ `35 ^ 02 ^ 31 = 06`። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሟያዎቹን ይጨርስና ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እውነተኛ ጽሑፍ ይጀምራል። ዒላማው `07` ነው፣ ኦሪጅናሉ `C4` ነው እንበል፣ `B1` ላይ «አዎ» ይባላል፤ `B1 ^ 07 ^ C4 = 72`። `72` የ«r» ፊደል ነው። የ`user` የመጨረሻዋ ፊደል። ቀጥሎ «e» ይወጣል፣ ቀጥሎ «s»... ከኋላ ወደ ፊት፣ አንድ አንድ ፊደል። «ቢት በቢት» ይባላል እንጂ በሲቢሲ ላይ በትክክል ባይት በባይት ነው።

ይህን ራስህ በቴስት ሰርቨር ላይ ልትሞክረው ከሆነ (ሞክረው፣ ካላየኸው አታምንም) አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው እዚያው ነው የሚወድቀው። ሌሎቹን የ`C1` ባይቶች እንደነበሩ ትተህ የመጨረሻውን ብቻ ብትቀይር ከ`5D` በፊት `5A` ላይ ትደርሳለህ። `5A` ኦሪጅናሉ ነው፤ ስድስቱ `06` እንዳሉ ስላሉ ፓዲንጉ ልክ ነው። እንደውም ኩኪው ራሱ ስለሆነ ገጹ በሰላም ይከፈትልሃል። ስክሪፕትህ የፓዲንግ ኤረር አለመኖሩን ብቻ የሚያይ ከሆነ «አገኘሁ» ብሎ ባይቱ `01` ነው ይልሃል፤ ውሸት ነው። የሚታወቀው በሁለተኛው ባይት ላይ ነው፤ 256ቱንም ሞክሮ አንዱም አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው። «አዎ» ባለህ ቁጥር ከመጨረሻው በፊት ያለውን ባይት ነካ አድርገህ ድጋሚ ላክ። አሁንም «አዎ» ካለ በእርግጥ `01` ነው። ካኮረፈ ግን ረዘም ያለ ፓዲንግ ላይ ነው የተቀመጥከው፣ ቀጥል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስጽፈው ይህችን ነገር ባለማወቅ አንድ ሙሉ ምሽት ኮዴን ስሰድብ አድሬአለሁ።

ስንት ሙከራ ይፈጃል? ለአንድ ባይት ቢበዛ 256፣ በአማካይ ግማሹ፣ 128 ገደማ። ኩኪው ሁለት ብሎክ ማለትም 32 ባይት ነው፣ ስለዚህ ወደ 4,100 ጥያቄ። ሰርቨርህ በሰከንድ 20 ከመለሰ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ ቡና አይፈላበትም። አንድን ብሎክ በሙሉ በአንዴ መገመት ቢኖርበት ግን 2 በ128 ከፍ ያለ ቁጥር ነው፣ በዕድሜ ልክ አይደረስበትም። ልዩነቱ የሎተሪ ነገር ነው። ጎረቤትህ ኪሱ ውስጥ ያለውን ባለ 7 አኃዝ ቁጥር ገምት ቢልህ 10 ሚሊዮን ምርጫ አለህ። መጨረሻዋን አኃዝ ስትገምት «አዎ» ካለህ፣ ከዚያ ቀጣይዋን፣ ከዚያ ቀጣይዋን፣ ቢበዛ 70 ጥያቄ ብቻ ነው። ቁልፉ 256 ቢት መሆኑም እዚህ ጋ አይረዳም፤ 128 ቢሆን ኖሮም ያው ነው። ኤችቲቲፒኤስም እንደዚያው፤ አጥቂው እኮ መሀል መንገድ ላይ የቆመ ሌባ ላይሆን ይችላል፣ በራሱ ብራውዘር የገባ ደንበኛችሁ ነው።

«ታዲያ የራሱን ኩኪ ቢያነብ ምን ይጎዳናል?» ልትል ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይችላል። `I2`ን አንዴ ካወቀ፣ `P2` የፈለገው እንዲሆን `C1`ን ራሱ ይመርጣል፤ `I2`ን ከ`;role=admin` እና ከአምስት `05` ጋር ኤክስኦር ማድረግ ነው። አዲሱ `C1` ሲፈታ ቆሻሻ ይሰጣል፤ ግድ የለም፣ የእሱንም መሀል ውጤት በዚያው ኦራክል ሌላ 2,000 ገደማ ጥያቄ ጠይቆ ያገኘዋል። ከዚያ `IV`ን ደግሞ `uid=1042;lang=am` እንዲወጣ አድርጎ ይመርጣል። `IV` ኩኪው ላይ ነው ያለው፣ ማን ይከለክለዋል? በእጁ ያለው አሁን ሰርቨራችሁ ራሱ እንደጻፈው የሚቀበለው የአስተዳዳሪ ኩኪ ነው። የቀየረው ቃል አንድ ነው፣ ቁልፉን ግን አሁንም አያውቀውም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። ሐሳቡን በፈረንጆቹ 2002 ይፋ ያደረገው ሰርዥ ቮደኔ የሚባል የክሪፕቶግራፊ ተመራማሪ ነው። ብዙ ሰው ግን «ቆንጆ ቲዎሪ ነው» ብሎ አለፈው። በመስከረም 2003 ዓ.ም. አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2010 ማለት ነው፣ ጁሊያኖ ሪዞና ታይ ዱዎንግ ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገ የደህንነት ጉባኤ የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ላይ አሳዩት። እነሱም ማንበብ ላይ አልቆሙም። ልክ አሁን እንዳልኩህ የራሳቸውን ጽሑፍ ኢንክሪፕት የተደረገ አስመስለው ሠርተው፣ ሰርቨሩን `web.config` የሚባለውን ፋይል አስወረዱት። የሳይቱ ቁልፎች የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ እዚያ ፋይል ውስጥ ነው።

የጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል መልስም ያለው እዚያው ታሪክ ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ ለሰዎች የሰጠው ጊዜያዊ ምክር አንተ ያልከውን ነው፤ ለሁሉም ስህተት አንድ ዓይነት የኤረር ገጽ አሳዩ፣ በዚያ ላይ ገጹ ውስጥ ትንሽ የዘፈቀደ መዘግየት ጨምሩበት። መዘግየቱን ለምን ጨመሩት? መልእክቱን አንድ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቁ። በሴፕቴምበር 28 የወጣው ዋናው ማስተካከያ ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ ኢንክሪፕት የተደረገው ዳታ ላይ ፊርማ ጨመረበት። ወደዚያ እመጣለሁ።

አንድ ዓይነት መልእክት የማይበቃው ሰርቨርህ በአፉ ብቻ ስለማይናገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት እንደ እናንተ ተነግሮአቸው ነበርና መልእክቱን ሁሉ «ችግር ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ» አድርገውት ጠበቁኝ። ጽሑፉ አንድ ነው፣ ልክ ናቸው። ግን ፓዲንጉ ሲበላሽ የሚመለሰው ኮድ 500 ነው፣ ተጠቃሚው ሲጠፋ ደግሞ 403። እሱንም አስተካከሉት። በሁለተኛው ዙር ስመጣ ጊዜውን ለካሁ። ፓዲንጉ ልክ ሲሆን ኮዱ ወደ ዳታቤዝ ሄዶ ተጠቃሚውን ይፈልጋል፣ ካልሆነ ግን እዚያው ይመለሳል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነበር፤ አንዱን ጥያቄ አሥር አሥር ጊዜ ልኬ አማካዩን ስወስድ እንደ ፀሐይ ፍንትው ብሎ ወጣ። ያን ጊዜ የገንቢው ፊት መቀያየሩ አሁንም ትዝ ይለኛል። የዘፈቀደ መዘግየት ብትጨምርም አማካይ ሲወሰድ ይጠፋል፣ አጥቂውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በአንድ አይፒ የሚገቡ ጥያቄዎችን መገደብም እንደዚያው ነው፣ አድርገው ግን አትመካበት።

ጊዜ ምን ያህል ረቂቅ ሊሆን እንደሚችል ለማየት በፈረንጆቹ 2013 ናዴም አልፋርዳንና ኬኒ ፓተርሰን የኤችቲቲፒኤስ መሠረት በሆነው በቲኤልኤስ ላይ ያሳዩት «ላኪ ሰርቲን» የተባለው ጥቃት አለ። ቲኤልኤስ ያን ጊዜ ኤረሩን አንድ አድርጎ፣ ፓዲንጉ ቢበላሽም ፊርማውን እንዲያሰላ ተደርጎ ነበር። ያም ሆኖ በስሌቱ ላይ የቀረችው ኢምንት የጊዜ ልዩነት በቂ ሆነች። እነዚያ ሁሉ ጠቢባን ተሰብስበው ሊደብቁት ያልቻሉትን እኔና አንተ በ`try` እና `except` እንደብቀዋለን ማለት ዘበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥያቄው ኤረሩን እንዴት ልደብቅ መሆን የለበትም። የተነካካ ኩኪ ከነጭራሹ ወደ መፍታት እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ለዚህ ኤኢኤስን በጂሲኤም ስልት ተጠቀም። ጂሲኤም ኢንክሪፕት ሲያደርግ አብሮ ማረጋገጫ ታግ ያወጣል፣ ከኩኪው አንዲት ቢት ብትነካ ታጉ አይገጥምም። ፓዲንግ ደግሞ ጭራሽ የለውም። መልእክቱን ሳየው የምትጠቀመው ፓይክሪፕቶዶም ይመስለኛል፣ እንደዚያ ከሆነ፦

```python
from Crypto.Cipher import AES
from Crypto.Random import get_random_bytes

nonce = get_random_bytes(12)
c = AES.new(key, AES.MODE_GCM, nonce=nonce)
ct, tag = c.encrypt_and_digest(data)

# ሲፈታ
c = AES.new(key, AES.MODE_GCM, nonce=nonce)
data = c.decrypt_and_verify(ct, tag)
```

`nonce` በአንድ ቁልፍ ሁለቴ መደገም የለበትም፣ ለእያንዳንዱ ኩኪ አዲስ ይውጣለት። ቁልፉም አዲስ ይሁን፣ የሲቢሲውን አታምጣው። ደግሞ `decrypt_and_verify`ን ትተህ `decrypt`ን ብቻ ከጠራህ ማረጋገጫው ቀረ ማለት ነው፤ «ሠርቷል» ብለህ ትተኛለህ፣ አልሠራም።

በሆነ ምክንያት ከሲቢሲ መውጣት ካልቻልክ በላዩ ላይ ኤችማክ የሚባለውን በቁልፍ የሚሠራ ፊርማ ጨምር፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኢንክሪፕት፣ ከዚያ በሌላ ቁልፍ ኢንክሪፕት በተደረገው ላይ ፊርማ። ሲመለስ መጀመሪያ ፊርማው ይረጋገጣል፣ ካልገጠመ ዲክሪፕት የሚለው መስመር ላይ ሳይደረስ ይመለሳል። ፊርማው `IV`ንም መሸፈን አለበት፣ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ `IV` ከተረሳ አጥቂው የመጀመሪያውን ብሎክ እንደፈለገ ይገለብጠዋል። ማወዳደሪያውም በ`==` ሳይሆን በ`hmac.compare_digest` ይሁን። ቲኤልኤስ ድሮ ተገላቢጦሹን ነበር የሚያደርገው፣ ፈርሞ ከዚያ ኢንክሪፕት። ላኪ ሰርቲን የገባው በዚያ በር ነው።

በግሌ ግን እናንተን ብሆን ኩኪው ውስጥ `role` የሚባል ነገር ባልጨመርኩ። የዘፈቀደ 32 ባይት መለያ አውጥታችሁ ላኩ፣ የተቀረውን ሰርቨር ላይ አስቀምጡ። የሚነበብም የሚቀየርም ነገር አይኖርም።

ስትቀይር አንድ ስህተት አትሥራ። «የቆዩ ደንበኞች ከሲስተሙ እንዳይወጡ» ብለህ ጂሲኤም ካልገጠመ ወደ ሲቢሲው ተመለስ የሚል ኮድ አትጻፍ። የድሮው መንገድ እስካለ ድረስ አጥቂው የሚልከው የድሮውን ነው፣ አዲሱን ማን ይነካዋል? ሁሉም ሰው አንዴ እንደገና ሎግኢን ያድርግ፣ ይማረራሉ፣ ይረሱታል።

እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሎጋችሁን ዛሬ ማታ ክፈት። `Padding is incorrect.` በመደበኛ ቀን እምብዛም የማይታይ ኤረር ነው፣ ሰው ኩኪውን በእጁ አያበላሽማ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ካገኘህና የኩኪዎቹ መጨረሻ አንድ ሆኖ መሀላቸው ላይ አንድ አንድ ባይት ብቻ የሚቀያየር ከሆነ፣ አንድ ሰው ኦራክሉን ሲጠይቅ ነው ያገኘኸው። ከዚያ መሀል `Unknown user` ያለበትን ቦታ ቁጠር፤ ስንት ባይት ገደማ እንዳነበበ እሱ ይነግርሃል። ፈታሾቹ የመጡበትን ቀን ግን መጀመሪያ አጣራ፣ የእነሱ ሙከራም ሎጉ ላይ እንዲሁ ነው የሚታየው።